ቡና ላኪ የዋጋ መውረድን ለመከላከል ስንት የፊውቸርስ ውል ይሽጥ?

መጋዘን ውስጥ 300 ቶን የታጠበ አረቢካ አለ እንበል። የሚሸጠው ከሦስት ወር በኋላ፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው፤ ዋጋው ግን ገና ከገዥ ጋር አልተቆረጠም። እስከዚያ ዋጋ እንዳይወርድ የሚሰጋ ላኪ ዛሬ ፊውቸርስ፣ ማለትም ወደፊት በተወሰነ ወር ቡና አሁን በተቆረጠ ዋጋ ለማስረከብ የሚገባ የገበያ ውል፣ ይሸጣል፣ ቡናውን በሚሸጥበት ቀን ደግሞ መልሶ ይገዛዋል። ዋጋ ቢወርድ ቡናው ላይ የጎደለውን ፊውቸርሱ ይተካል፤ ይህ መከላከያ ሄጅ ይባላል። ስሌቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠውን የውል ብዛት ሲወስኑ ነው።

መጀመሪያ ቡናውን በውል ይቁጠሩ። በICE ገበያ የሚገበያየው የኒው ዮርክ አረቢካ ውል (ስክሪን ላይ `KC`) 37,500 ፓውንድ ቡና ይይዛል፤ ዋጋው የሚነገረው በፓውንድ ስንት የአሜሪካ ሳንቲም ተብሎ ነው። 300 ቶን 661,386 ፓውንድ ስለሆነ ለ37,500 ሲካፈል 17.6 ውል ይወጣል። የማድረሻ ወራቱ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር ናቸው። ሽያጩ ኦክቶበር መጨረሻ ከሆነ ዲሴምበርን ይያዙ፤ ሴፕቴምበር ቡናው ሳይሸጥ ያልቃል።

አሁን 18 ውል ሽጦ መተኛት ያምራል። ችግሩ ገበያው የሚገበያየው የእርስዎን ቡና አለመሆኑ ነው። ከእርስዎ ቡና ዋጋ የፊውቸርሱ ዋጋ ሲቀነስ የሚገኘው ቤዚስ ይባላል፣ እሱም በየጊዜው ይንቀሳቀሳል። ብራዚል ላይ ውርጭ ወረደ ተብሎ ኒው ዮርክ ሲዘል የእርስዎ ቡና ግማሽ መንገድ ብቻ ሊከተል ይችላል። ያኔ በ18 ውል ላይ የሚከስሩት ቡናው ላይ ከሚያገኙት ሊበልጥ ነው። ፊውቸርስ የዋጋን ስጋት አያጠፋም፤ በቤዚስ ስጋት ይለውጠዋል።

የውሉን ብዛት የሚያስተካክለው ዝቅተኛውን ቫሪያንስ፣ ማለትም ትንሹን የውጤት መዋዠቅ፣ የሚሰጠው የሄጅ መጠን ነው፦

```
h = ρ × (σS / σF)
```

`σS` የእርስዎ ቡና የዋጋ ለውጥ መደበኛ ልዩነት ነው፣ `σF` የፊውቸርሱ፣ `ρ` ደግሞ የሁለቱ ለውጦች ዝምድና። በኤክሴል የሁለት ዓመት ሳምንታዊ ዋጋ ይደርድሩ፣ በሁለቱም ዓምድ የሳምንቱን ለውጥ ያስሉ፣ ከዚያ፦

```
=SLOPE(B2:B105,C2:C105)
=RSQ(B2:B105,C2:C105)
```

`B` የቡናዎ ለውጥ፣ `C` የፊውቸርሱ ለውጥ ነው። የሚሰላው ለውጡ እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም፤ አብረው ለዓመት የወጡ ሁለት ዋጋዎች ሳምንት በሳምንት ባይስማሙም እጅግ የተዛመዱ ይመስላሉ። ሁለቱ ዋጋዎች የአንድ ቀንና በተቀራራቢ ሰዓት የተያዙ፣ በአንድ መለኪያም የተጻፉ ይሁኑ፤ የጠዋት ዋጋን ከምሽት መዝጊያ ጋር ማነጻጸር ዝምድናውን በሐሰት ያሳንሳል። ከአንድ ወር ውል ወደ ሌላው በተሻገሩበት ሳምንትም ሁለቱን የተለያዩ ውሎች እርስ በርስ አይቀንሱ።

`σS` 9 ሳንቲም፣ `σF` 10፣ `ρ` 0.85 ቢሆኑ `h` 0.765 ይሆናል። 17.64 × 0.765 = 13.5፤ ትንሽ ዝቅ አድርገው 13 ውል ይሸጣሉ። `RSQ` 0.72 ያህል ያሳያል፤ ከቫሪያንሱ 28 በመቶ ይቀራል ማለት ነው። በመደበኛ ልዩነት ሲታይ ግን የሚቀረው ከግማሽ በላይ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ባንክ ፊት ሲያቀርቡ አያጋንኑት።

ፊውቸርሱን ሲሸጡ ቡናዎ 190፣ ዲሴምበር 200 ነበር እንበል፤ ቤዚሱ −10 ነው። ኦክቶበር ላይ ዲሴምበር 180 ቢገባ በፊውቸርሱ በየፓውንዱ 20 ሳንቲም፣ በ13 ውል 97,500 ዶላር ያገኛሉ። ይህ በቡናው ላይ ሲበተን በፓውንድ 14.7 ሳንቲም ነው። ቡናው 172 ከተሸጠ የተጣራው 186.7 ነው፣ ጥሩ ነው። ቤዚሱ ወደ −15 ሰፍቶ ቡናው 165 ከተሸጠ ግን 179.7 ብቻ ይደርስዎታል። ፊውቸርሱ በሁለቱም ሁኔታ ሥራውን እኩል ሠርቷል፤ ልዩነቱን ያመጣው ቤዚሱ ነው።

ጥሬ ገንዘቡንም አስቀድመው ይያዙ። በአንድ ውል ላይ የ1 ሳንቲም ለውጥ 375 ዶላር ነው። ገበያው 15 ሳንቲም ቢወጣ በ13 ውል ላይ 73,125 ዶላር ማርጂን፣ ማለትም የውሉን ኪሳራ የሚሸፍን ማስያዣ፣ ይጠየቃል፣ ቡናው ግን ገና መጋዘን ነው። ብሩን ማምጣት ያቃተው ላኪ ውሉን በከፋ ሰዓት ይዘጋል፤ ሄጁ ትክክል ሆኖ ሳለ ኪሳራው እጁ ላይ ይቀራል።

ገዥ ከዲሴምበር ዋጋ ይህን ያህል ሳንቲም ቀንሶ ለመግዛት ከተስማማ ቤዚሱ በውል ታስሯል። ያኔ 0.765 አይሠራም፤ ቡናው ዲሴምበርን ሳንቲም በሳንቲም ስለሚከተል የውሉ ብዛት ወደ 17 ወይም 18 ይመለሳል፣ የሚዘጋውም ዋጋው በሚቆረጥበት ቅጽበት ነው።