ቆሞ የሚቆጥር ኢንኮደር

ሞተሩ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ይጨምራል፤ 1204፣ 1205፣ 1206። ገመድ ቀየርኩ፣ ኢንኮደሩንም ቀየርኩ፣ ሁለት ቀን አቃጠልኩ። ጥፋቱ የራሴ ኮድ ነበር።

ያንን ኮድ ዛሬም በየጀማሪው ፕሮጀክት ውስጥ አገኘዋለሁ። ኢንኮደሩ የዘንጉን መዞር በሁለት ፒኖች፣ በA እና በB፣ ይናገራል። A ከ0 ወደ 1 ሲነሳ ኢንተራፕት ይጠራል፣ B ይነበባል። B 0 ከሆነ አንድ ይደመራል፣ 1 ከሆነ ይቀነሳል። አጭር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሞክሩትም ይሠራል። ጉዱ የሚፈላው ዘንጉ A የሚቀየርበት ድንበር ላይ ሲቆም ነው። ትንሽ ንዝረት A ን 1፣ 0፣ 1፣ 0 ያደርገዋል፤ B ግን 0 እንዳለ ነው። ኮዱ መነሳቱን ብቻ ስለሚያይ በነዘረ ቁጥር አንድ ይደምራል። ዘንጉ መመለሱን የሚናገረው የA መውረድ ነበር፤ እሱን የሚሰማው የለም።

መፍትሔው የሁለቱንም ፒኖች ለውጥ መከታተል ነው። ወደ ፊት ሲዞር AB 00፣ 10፣ 11፣ 01 ብሎ ወደ 00 ይመለሳል። ወደ ኋላ ሲሆን ተራው ይገለበጣል። የቀድሞውንና የአሁኑን ሁኔታ አጣምሩና መልሱን ከሰንጠረዥ አውጡ፦

```c
const int8_t T[16] = {0,-1,1,2, 1,0,2,-1,
                      -1,2,0,1, 2,1,-1,0};
uint8_t s = readAB();   // (A << 1) | B
int8_t d = T[(prev << 2) | s];
if (d == 2) err++; else pos += d;
prev = s;
```

ያንኑ ንዝረት እዚህ አስገቡት። ከ00 ወደ 10 አንድ ይደመራል፣ ከ10 ወደ 00 አንድ ይቀነሳል። መቶ ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ቁጥሩ ከአንድ በላይ ፈቀቅ አይልም። የሜካኒካል ኢንኮደር እውቂያ ሲነጥርም እንዲሁ ራሱን ያጣፋል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ኢንተራፕት ውስጥ `delay` አትክተቱ! እናንተ ስትጠብቁ እውነተኛው እርምጃ ያልፋችኋል።

`prev` ሥራ ሲጀምር ከፒኖቹ ይነበብ እንጂ 0 ነው ብላችሁ አትነሱ።

ብዙዎች በ2 ቦታ 0 ይጽፋሉ። 2 ማለት A እና B በአንዴ ተቀየሩ፣ ማለትም መሃል ላይ አንድ እርምጃ አምልጦናል ማለት ነው። 0 ከጻፋችሁ ስህተቱን ደበቃችሁት። በአንድ ዙር 600 ፐልስ የሚሰጥ ኢንኮደር በአራት ሲባዛ 2400 ለውጥ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ከዞረ በሴኮንድ 120,000 ለውጥ አለ፤ በሁለት ለውጦች መሃል ያለው 8 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው። በየሚሊሴኮንዱ ማንበብ በእጅ ለሚዞር ቁልፍ ይበቃል፣ ለዚህ ግን በፍጹም። `err` ሲያድግ ካያችሁ ቆጠራውን ለማይክሮኮንትሮለሩ ታይመር ስጡት፤ ብዙዎቹ የኢንኮደር ሞድ አላቸው። ግን `err` ሁሉንም አይይዝም። በሁለት ንባብ መሃል ዘንጉ ሦስት እርምጃ ከሄደ ሰንጠረዡ አንድ ወደ ኋላ እንደተመለሰ ይቆጥረዋል፣ አራት ከሄደ ደግሞ ምንም አያይም።