ላሠራው፣ ልግዛ ወይስ ልከራይ? በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ጅማ ላይ ላፕቶፕ መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሴሚስተር ሲከፈት ደንበኛ ይበዛል። አብዛኛው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ወይም ከዋናው ግቢ የሚመጣ ተማሪ ነው። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና የወሰነውን ይነግረኛል። «ይሄ አልቆለታል፣ በስንት ትገዛኛለህ?» ይላል አንዱ። ሌላው «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። የታመመው ምኑ እንደሆነ ግን ሁለቱም አያውቁም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ይሄው ነው።

በሽታውን ሳያውቁ መወሰን

ማሠራት፣ መግዛትና መከራየት ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የትኛው ክፍል እንደተጎዳ ነው። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ቀላል ነው፣ ይቀየራል። ራም ካነሰ ይጨመራል። ማዘርቦርድ ከሆነ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ይህን ለማወቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ እቤታችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ላፕቶፑ ይነሳል፣ ግን እጅግ ዘገምተኛ ነው እንበል። ከተነሳ በኋላ ምንም ሳትከፍቱ Ctrl + Shift + Esc ተጫኑ። በሚመጣው መስኮት ውስጥ Performance የሚለውን ክፈቱና ጥቂት ደቂቃ ተመልከቱ። Disk 100% ላይ ተጣብቆ CPU ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። Memory 90% ደርሶ ከሆነ ራም አንሶታል። ሁለቱም ደህና ሆነው ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ከጋለና ፋኑ ከጮኸ፣ ውስጡ አቧራ ሞልቶታል ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ደርቋል።

አሁን ስለ ፎርማት ልናገር፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ትዕግሥቴ አልቋል። ፎርማት ያረጀ ሃርድ ዲስክን ወጣት አያደርገውም። ዲስኩ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፣ ሳህኑ ላይ የተበላሹ ቦታዎች ይፈጠራሉ። ኮምፒውተሩ እነዚያን ቦታዎች ደጋግሞ ለማንበብ ሲሞክር ነው የሚቆመው። ፎርማት ስታደርጉት አንድ ሳምንት ቀለል ይላችኋል፣ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። ፋይላችሁ ግን አይመለስም። የመመረቂያ ጽሑፏን ሦስት ምዕራፍ በዚህ መንገድ ያጣች ልጅ አውቃለሁ። ፎርማቱን ያደረገላት የዶርም ጓደኛዋ ነው፣ ሊረዳት ብሎ። ስለዚህ CrystalDiskInfo የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱና ክፈቱ። Good ካለ ዲስኩ ደህና ነው፣ መዘግየቱ የአሠራሩ ነው። Caution ወይም Bad ካለ ሌላ ምንም ሳትነኩ ፋይላችሁን ገልብጡ።

ጭራሽ የማይነሳ ከሆነስ? ቻርጀሩን ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጫኑ፣ ከዚያ መልሳችሁ ሞክሩ። የጓደኛ ቻርጀር ሞክሩ፣ ግን ቮልቱ አንድ ዓይነት መሆኑን አይታችሁ። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪ ወይም ከፕሮጀክተር ጋር አገናኙት። ቲቪው ላይ ምስል ከመጣ የታመመው የላፕቶፑ ስክሪን ወይም ከውስጥ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ገመድ ነው፣ ቦርዱ አይደለም። «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ በርካሽ ሊሸጥ የነበረ ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ስንት ጊዜ ድኗል!

አባትና ልጅ ከአጋሮ

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ከአባቷ ጋር መጣች። ሁለተኛው ሴሚስተር ሊጀመር ነው። ላፕቶፑ 6ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5 ነው፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ለመነሳት አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ አውቶካድ ሲከፈት ደግሞ ይደርቃል። እሷ የፈለገችው አዲስ ነው። አባት ቡና አምራች ናቸው፣ የዘንድሮው የቡና ብር ለቤት ቆርቆሮ ወጥቷል። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ዕቃው ይድናል ወይስ አይድንም?» አሉኝ።

ከላይ ያልኩትን ሁሉ እፊታቸው ሠራሁት። ዲስክ 100%፣ ራም 92%፣ ፕሮሰሰሩ 15% አካባቢ። CrystalDiskInfo ዲስኩን Caution አለው። ባትሪውንም Command Prompt ከፍቼ በዚህ ትእዛዝ አየሁት፦

```
powercfg /batteryreport
```

ትእዛዙ battery-report.html የሚባል ፋይል ይፈጥራል። እዚያ ውስጥ DESIGN CAPACITY እና FULL CHARGE CAPACITY የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው ነው፣ ሁለተኛው አሁን የሚይዘው። የእሷ ከ44,000 ወደ 15,000 ወርዷል፣ ሲሶ ገደማ ማለት ነው።

ከዚያ የዕለቱን ዋጋ ጠይቀን ወረቀት ላይ ጻፍነው። የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ፈጣኑ ዲስክ፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 4,000 ብር፣ 8 ጊጋ ራም 4,500፣ የእጅ ሥራ 800። ድምሩ 9,300 ብር። ኪራይ በወር 2,500 ተባለ። ሴሚስተሩ አራት ወር ነው ቢባልም ፈተና ስለሚገፋ አምስት ወር አሰብን፤ 12,500 ብር፣ መጨረሻ ላይ እጇ የሚቀር ዕቃ የለም። ያገለገለ 8ኛ ጄኔሬሽን 38,000 ብር። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን አትያዙት፣ የስሌቱን መንገድ ያዙ።

«አባቴ፣ ይድናል። ለሁለትና ሦስት ሴሚስተር ያገለግላታል። በመጪው ቡና ደግሞ ተረጋግታችሁ ትገዛላችሁ» አልኳቸው። ባትሪውን አልቀየርንም። ዶርም ውስጥ ሶኬት አለ፣ መብራት ሲጠፋም የቀረው ጉልበት ፋይል ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ይበቃል። ያን ብር ራሙ ላይ ማዋል ተሻለ። መጀመሪያ ፋይሏን ገለበጥኩ፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲውን በሃርድ ዲስኩ ቦታ አስገባሁ። አሁን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሳል።

አንድ ገደብ ግን ነግሬአታለሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ከዚያ በታች የሆነ ማሽን ላይ የምታወጡት ገንዘብ መሸጋገሪያ ነው። ሠርታችሁ የምትሸጋገሩበት ያህል ብቻ አውጡ።

የታመመ ማዘርቦርድ ላይ ብር ማፍሰስ

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የግራፊክስ ቺፑ የተበላሸ ላፕቶፕ አመጣልኝ። ቺፑን በሙቀት አሙቄ አስነሳሁት። እሱም ደስ አለው፣ እኔም ብሬን ተቀበልኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ዲፌንሱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ መልሶ ሞተ። ብሩን መለስኩለት፣ የባከነበትን ጊዜ ግን መመለስ አልቻልኩም። ማሞቅ ለጊዜው ያስነሳል እንጂ ቺፑን አያድንም። ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር፣ አልነገርኩትም። ዛሬ ድረስ ይቆረቁረኛል።

ቡና ወይም ሻይ የፈሰሰበትም እንደዚሁ ነው። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ቦርዱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። «ይሠራ ይሆን» ብላችሁ ደጋግማችሁ አታብሩት፣ አብዛኛው የሚቃጠለው ያኔ ነው። በዚያው ቀን ከታጠበ የመትረፍ ዕድል አለው። ሳምንት አልፎት ከመጣ ግን ቃል አልገባም።

የእኔ መለኪያ ይህች ናት። የቦርድ ጥገናው ተመሳሳይ ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ዋጋ ሲሶውን ካለፈ፣ አላሠራም። ዲስኩን አውጥቼ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ አስገባለታለሁ። ፋይሉ በእጁ ይቀራል፣ ዲስኩም እንደ ፍላሽ ያገለግለዋል።

«አዲስ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ መግዛት

ካርቶኑ አዲስ ስለሆነ ብቻ ሴለሮን N4020፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ eMMC ያለው ገዝተው የሚመጡ አሉ። ራሙም ማስቀመጫውም ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ልጨምርላችሁ ብል አልችልም። ከአጋሮዋ ልጅ የታደሰ ላፕቶፕ ያንሳል። ያገለገለ ስትገዙም «ኮር አይ 7 ነው» ሲባል አትደንግጡ። i7-4600U 4ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ሁለት ኮር ብቻ አለው። i5-8250U 8ኛ ነው፣ አራት ኮር አለው። ከሰረዟ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። የባትሪ ሪፖርቱንም ብር ከመቁጠራችሁ በፊት እዚያው አስወጡ።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ዋስትናው የት እንደሚሠራ ጠይቁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለጥገና መመላለስ በሴሚስተር መካከል አይሆንም።

ኪራይን ሳያሰሉ መግባት

ኪራይ የሚያዋጣው ሰው አለ። የመጨረሻ ሴሚስተሩ ላይ ያለ፣ ቦርዱ የሞተበት፣ ከተመረቀ በኋላ በራሱ ደመወዝ ሊገዛ ያሰበ ተማሪ ይከራይ። ገና ሁለት ዓመት የሚቀረው ግን አይከራይ፣ በሁለት ሴሚስተር ኪራይ ብዙ ነገር ይሠራል።

ስትረከቡ ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ ስክሪኑን፣ ማጠፊያውንና ጥጎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑ ይታይ። የቻርጀሩንም ፎቶ ጨምሩ። በራሱ ጊዜ ቢበላሽ ማን እንደሚያሠራና እስከዚያ ምትክ ይሰጥ እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን። ዋናውን መታወቂያችሁን በመያዣነት አትተዉ፣ ለፈተና ትፈልጉታላችሁ፤ ኮፒና ቀብድ ይበቃል። የምትሠሩበት ሶፍትዌር በትክክል መከፈቱን እዚያው ቆማችሁ ሞክሩ።

ጽሑፋችሁን በተከራያችሁት ላፕቶፕ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፣ ባለቤቱ በማንኛውም ቀን «አምጣ» ሊል ይችላል። ስትመልሱ ደግሞ ፋይላችሁን ገልብጣችሁ አጥፉ፣ ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸውን ፓስዎርዶች ሰርዙ፣ ከጂሜይልና ከቴሌግራም ውጡ። ከዚያም በስልካችሁ ቴሌግራም ላይ Devices የሚለውን ከፍታችሁ የዚያ ላፕቶፕ ስም አለመኖሩን እዩ።