«ለምን 2 አላሉም?»

የስኳር ሕመምተኛው «እቀንሳለሁ» ብለው ይወጣሉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሻያቸው ያው ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው። ምክር ከመደርደራችሁ በፊት «ስኳር ለመቀነስ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ዝግጁ ነዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። 5 ካሉ «ለምን 8 አልሆነም?» አትበሉ፤ ሰበብ ያስደረድራል። «ለምን 2 አላሉም?» ሲባሉ ግን የለውጡን ምክንያት ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሰው ደግሞ ከተመከረው ይልቅ ራሱ ያለውን ይይዛል።

በሕመምተኛው የሕክምና ማስታወሻ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» የሚለው የተለመደ ሐረግ ለቀጣዩ ባለሙያ ምንም አይነግረውም። ይልቅስ እንዲህ ጻፉ፦ «ዝግጁነት 5/10። በራሳቸው አነጋገር፦ ዓይኔን እንዳላጣ እፈራለሁ። ግብ፦ የጠዋቱን ሻይ ከ3 ወደ 2 ማንኪያ፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ።»

0 ካሉ «ለምን 2 አላሉም?» የሚለው ጥያቄ አይሠራም። ቁጥሩ ከፍ እንዲል ምን መለወጥ እንዳለበት ጠይቁና መልሱን መዝግቡ፤ የግቡን ቦታ ግን ባዶ ተዉት።