የመኪና ጎማ ጥርስ ቤት ሆኖ እንዴት ይለካል? ጎማውስ መቼ ይቀየራል?

ከቆመ መኪና አጠገብ ሆነን ጎማውን ስናይ የሚታየን የውጭው ዳር ነው። ወደ መኪናው ሆድ የዞረው የውስጥ ዳር ካልጎነበሱ አይታይም። ጎማ ደግሞ ብዙ ጊዜ እኩል አያልቅም። ከውጭ ጥርሱ ገና ሙሉ የሚመስል ጎማ፣ ከውስጥ በኩል ተላጥቶ ክሩ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ይገኛል። እኔ ጎማ ሲለካ ከሁሉ በፊት ስለ ውስጠኛው ዳር የምጠይቀው ለዚህ ነው። አንድ ቦታ ለክቶ "ደህና ነው" ማለት ጎማውን እንዳለመለካት ነው።

ለአነስተኛ የቤት መኪና አዲስ ጎማ ሲገዛ የጥርሱ ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሥራችን ከዚያ ውስጥ ስንት እንደቀረ ማወቅ ነው።

በምን እንለካለን?

የጎማ ጥልቀት መለኪያ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ይገኛል፣ ውድም አይደለም። ከሌላችሁ ስቴኪኒና ማስመሪያ ይበቃል።

ማስመሪያውን በቀጥታ ጎማው ውስጥ አትክተቱ። ብዙ ማስመሪያ ከጫፉ እስከ ዜሮው መስመር ድረስ ትንሽ ባዶ ቦታ አለው። ያ ባዶ ቦታ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ከሆነ ልኬቱ በሙሉ ይበላሻል፤ እኛ የምንፈልገው ልዩነት ራሱ ያንን ያህል ነውና። ይልቅ የስቴኪኒውን ሹል ጫፍ ቆርጣችሁ ጠፍጣፋ አድርጉት። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ታቹን እስኪነካ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። ከጥርሱ ገጽ ጋር እኩል በሆነበት ቦታ በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ያዙት፣ አውጡት፣ ከዚያ ማስመሪያው ላይ ከዜሮው ጀምራችሁ አንብቡ። በዚህ መንገድ የግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስህተት ሊኖር ይችላል። ለቤት ልኬት ችግር የለውም። ቁጥሩ ጎማ ወደሚቀየርበት 3 ሚሊሜትር ሲጠጋ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት።

ሳንቲም አስገብቶ ማየትም የተለመደ ነው። ዘዴው የሚሠራው ግን ከሳንቲሙ ጠርዝ እስከ ምስሉ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ ብቻ ነው። የአንዱ አገር ሳንቲም ለሌላው አይሆንም። የራሳችሁን ሳንቲም መጀመሪያ ካልለካችሁት ተዉት።

መኪናውን ማዘጋጀት

ሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። ለዚህ ሥራ ክሪክ አያስፈልግም፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባትማ ጨርሶ አይሞከርም።

የፊት ጎማዎችን ለማየት መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን አዙሩት። የአንደኛው ጎማ ፊት ወደ ውጭ ወጥቶ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ለሌላኛው ወደ ተቃራኒው አዙሩ። የኋላ ጎማ አይዞርም፤ ለእሱ ከመኪናው ጀርባ ተንበርክካችሁ በባትሪ እያበራችሁ እዩ። ካልተመቻችሁ ስልካችሁን ከጎማው ኋላ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ። በእጃችሁ ለመዳሰስ ከፈለጋችሁ ወፍራም ጓንት አድርጉ። ያለቀ ጎማ የብረት ክሩ ወጥቶ ከሆነ እጅ ይቆርጣል።

የት የት እንለካለን?

ጎማውን ዙሪያውን የሚዞሩት ሰፋፊ ቦዮች ዋነኞቹ ናቸው። ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው፤ የሚለካውም እነሱ ውስጥ ነው። በጥርሶቹ ላይ የተሰነጠቁት ቀጫጭን መስመሮች ከመጀመሪያውም ብዙ ጊዜ ያን ያህል ጥልቅ ስላልሆኑ እዚያ መለካት ያሳስታል።

ቦዩ ውስጥ እዚህም እዚያም ከፍ ብላ የተሠራች አጭር የላስቲክ ድልድይ ታገኛላችሁ። እሷ የማለቂያ ምልክት ናት፤ ቁመቷ 1.6 ሚሊሜትር ነው። የት እንዳለች ለማግኘት ጥርሱ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበትን ትከሻውን እዩ፤ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም ቲ ደብልዩ አይ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ይኖራሉ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ውስጥ ስትሄዱ ድልድዩዋ አለች። መለኪያችሁ እሷ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ። ካረፈ ጎማው ከሆነው በላይ ያለቀ ይመስላችኋል። ቦዩ ውስጥ ጠጠር ካለም አውጡት።

አሁን ሦስት ቦታ ለኩ፦ ከውጭው ዳር፣ ከመሃል፣ ከውስጥ ዳር። ከዚያ ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር መኪናውን ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ ያንኑ ድገሙ። ጎማ በዙሪያውም እኩል ላያልቅ ይችላልና። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። በቃል እይዛለሁ ብትሉ አራተኛው ጎማ ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ይጠፋችኋል።

የጎማው ጥልቀት የሚባለው ከጻፋችኋቸው ውስጥ ትንሹ ቁጥር ነው። አማካዩ አይደለም። መሃሉ 5 ሆኖ ዳሩ 1.5 ከሆነ፣ ያ ጎማ 1.5 ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ሁለቱም ዳር አልቆ መሃሉ ከተረፈ ጎማው ንፋስ አንሶት ነው የከረመው። መሃሉ አልቆ ዳሮቹ ከተረፉ ንፋሱ በዝቷል። አንዱ ዳር ብቻ ካለቀ አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አሰላለፍ፣ ተዛብቷል። መዳፋችሁን ጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ አሻሹት፤ በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ እሱም አላይመንት ነው። በዙሪያው ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ደግሞ ሾክ አብዞርበሩን ወይም ባላንሱን አስፈትሹ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሞተሩ የፊት ጎማዎቹን የሚነዳ መኪና ነው። አራቱም ጎማዎች አዲስ የገቡት በአንድ ቀን ሲሆን ከዚያ ወዲህ 30,000 ኪሎሜትር ሄዷል። የኋላዎቹ በሁሉም ቦታ 5 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው። የፊት ግራው ከውጭ 4.5፣ ከመሃል 4፣ ከውስጥ 2። የፊት ቀኙ ከውጭ 4.5፣ ከመሃል 4፣ ከውስጥ 2.5።

ባለቤቱ ቆሞ ሲያያቸው ግማሽ ዕድሜ የቀራቸው ይመስለዋል። በቁጥር ግን የፊቶቹ 2 እና 2.5 ናቸው፤ ይቀየራሉ። ሁለቱም ከውስጥ በኩል ማለቃቸው አላይመንቱን ይጠቁማል። አላይመንት ሳይስተካከል አዲስ ጎማ ቢያስገባ አዲሶቹም በዚያው መንገድ ይበላሉ። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቀን ማስጨረስ አለበት።

የኋላዎቹስ? አዲስ ከነበሩበት 8 ወደ 5 ወርደዋል። በ30,000 ኪሎሜትር 3 ሚሊሜትር በልተዋል፤ አንድ ሚሊሜትር 10,000 ኪሎሜትር ያህል አስኬዷቸዋል ማለት ነው። እዚያው ኋላ ቢቆዩ 3 ሚሊሜትር እስኪደርሱ 20,000 ኪሎሜትር ገደማ ይቀራቸዋል።

አዲሶቹን ሁለት ጎማዎች የት ያስገባ? ብዙ ሰው ፊት ይላል። እኔ ኋላ እላለሁ፤ የጎማ አምራቾችም በአብዛኛው የሚመክሩት ይህንኑ ነው። እርጥብ መንገድ ላይ የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ነዳጁን ሲለቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፤ ያንን መመለስ ለአብዛኛው ሹፌር ከባድ ነው። ስለዚህ 5 ሚሊሜትር ያላቸው ወደ ፊት ይመጣሉ፣ አዲሶቹ ኋላ ይገባሉ። እርግጥ ፊት ላይ ጎማ ቶሎ ስለሚያልቅ ያ 20,000 ኪሎሜትር ያንሳል። በጎኑ ላይ ቀስት ያለው ጎማ ከሆነ፣ ሲዘዋወር ቀስቱ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ጎማው ወደሚዞርበት አቅጣጫ መጠቆሙን እዩ።

3 እና 1.6

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለቤት መኪና ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው። ሌሎች በርካታ አገሮችም እዚያው አካባቢ ናቸው። ጥርሱ ከድልድዩዋ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ "እስከ ወሩ መጨረሻ" የሚባል ነገር የለም።

እኔ ግን 1.6 እስኪሆን መጠበቅን አልመክርም። ቦዩ ያለው ውሃ ለማስወጣት ነው። ከ3 ወደ 1.6 ሲወርድ ለውሃው የነበረው ቦታ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጎማው መንገዱን ትቶ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያኔ ፍሬንም መሪም አይሰማም። በደረቅ አስፋልት ላይ ይህ ስለማይታወቅ ሹፌሩ ጎማው ደህና ነው ብሎ ይነዳል፤ ልዩነቱን የሚያየው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ነው። ስለዚህ 4 ሚሊሜትር ላይ ስትደርሱ በየወሩ ለኩ፣ 3 ላይ ቀይሩ። በረዶ ላይ ለመንዳት የተሠራ የክረምት ጎማ ከሆነ 4 ላይ ነው።

ጥርሱ ሞልቶም የሚቀየር

ጎኑ ላይ ያበጠ ጎማ ውስጡ ክሩ ተበጥሷል። ጥርሱ 7 ሚሊሜትር ቢሆንም አትንዱበት። ጎኑ ተቀዶ ክሩ የሚታይ ከሆነም እንዲሁ፤ ጎን ላይ የደረሰ ቀዳዳ በጥገና አይመለስም።

ዕድሜም አለ። በጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ ከሚመጣው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ፈልጉ። 2319 ካለ፣ የተሠራው በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ነው። አራቱ አሃዞች በአንደኛው ጎን ብቻ ሊኖሩ ስለሚችሉ ከውጭ ካላገኛችኋቸው ከውስጥ በኩል እዩ። 5 ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ለባለሙያ አሳዩት። 10 ዓመት የሞላው ይቀየር።

ከሁሉ ለዚህ የተጋለጠችው ስኮርታዋ ናት። መሬት ስለማትነካ ጥርሷ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ላስቲኳ ግን ያረጃል። መለኪያውን ይዛችሁ ሳለ የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ አራቱን አሃዞቿን አንብቡ፣ ንፋሷንም ለኩ።