የግብር ውሳኔ ደብዳቤ፦ ቀን የሚጠፋበት ቦታና መፍትሄው

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አፉን የሚከፍተው በጠቅላላ ድምሩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው "ማን ተቀበለው? መቼ?" ብዬ ነው። ስሙና ቲን ቁጥሩ የራሱ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ምልክት፦ "አቦ ተይው፣ ቀኑ አልፏል" ወይም "ገና ብዙ ጊዜ አለኝ"

ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራበት የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ለቅሬታ የሚሰጠው 21 ቀን ነው። የሚቆጠረው ውሳኔው ለግብር ከፋዩ ከደረሰበት ቀን በኋላ ነው። ደብዳቤው ከተጻፈበት አይደለም። ባለቤቱ ካነበበበትም አይደለም። ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ከላይ በቀኝ በኩል በታተመው ቀን ላይ ነው።

አንድ የሳቢያን መለዋወጫ ነጋዴ፣ ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። የተጻፈው ጥቅምት 27 ነው። ከዚያ ቆጥሮ ኅዳር 18 ላይ ደርሷል፣ እጁን ሰጥቷል። ወንድሙ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነበረው። ባለቤቱ ከጅግጅጋ የተመለሰው ኅዳር 12 ስለሆነ እስከ ታኅሣሥ 3 ጊዜ አለ ባይ ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ደብዳቤውን የተቀበለው ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ነው። ፈርሟል፣ ቀን ግን አልጻፈም። ደወልንለት። "ረቡዕ ነው፣ ዕቃ ስናራግፍ" አለ። ይሄ ብቻ አይበቃም። ሰኞ መሥሪያ ቤቱ ሄደን፣ የተፈረመበትን የማስረከቢያ ቅጂ አሳዩን ብለን ጠየቅን። አድራሹ በእጁ "4/3/17" ብሎ ጽፎበታል። ኅዳር 4 ማለት ነው፣ ቀኑም በእርግጥ ረቡዕ ነው። ስለዚህ አንድ ብለን የምንጀምረው ከኅዳር 5 ነው፤ ሃያ አንደኛው ቀን ኅዳር 25 ላይ ይውላል። አልፏል ያለው ሰውዬ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ወንድሙን ሰምተን ቢሆን ኖሮ ደግሞ በስምንት ቀን እንዘገይ ነበር።

እባካችሁ ለጥበቃውም፣ ለአስተናጋጇም፣ ለእህታችሁም ንገሩ። ደብዳቤ ሲቀበሉ ከፊርማው አጠገብ ቀን ይጻፉ። በእናንተ ቅጂም ላይ ይጻፉ። ፖስታውን አትጣሉ። ደብዳቤውን ወዲያው በስልክ አንሱት። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እኔው አላውቅም።

ምልክት፦ በኤክሴል ያሰላችሁት ቀን እና በጣት የቆጠራችሁት አይገጥምም

መንስኤው ጳጉሜ ናት። ነሐሴ ላይ የደረሰ ደብዳቤ ሁሉ ወጥመድ አለው። ነሐሴ 24 ቀን 2016 ደረሰ እንበል። ከነሐሴ 25 እስከ 30 ስድስት ቀን ነው። የዚያ ዓመት ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፣ አሥራ አንድ ሆነ። የቀረው አሥር ቀን መስከረም 10 ላይ ያልቃል። ጳጉሜን የዘለለ ሰው መስከረም 15 ይላል። ኤክሴል ላይ የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ የጻፈ ደግሞ ሌላ መልስ ያገኛል፦

```
A2:  24/12/2016
B2:  =A2+21
→    14/01/2017
```

ኤክሴል 12ኛውን ወር ነሐሴ ብሎ አያነብም። ዲሴምበር ነው የሚለው፣ 31 ቀንም ይሰጠዋል። "14/01" የሚለውን መስከረም 14 ብላችሁ ካነበባችሁ አራት ቀን አርፍዳችኋል። መፍትሄው ቀኑን መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ መደመር፣ ከዚያ መመለስ ነው። ወይም በግድግዳ ካላንደር ላይ በጣት መቁጠር። እኔ በጣት ነው የምቆጥረው፣ አላፍርም።

ምልክት፦ "800 ሺህ ብር ግብር መጣብኝ"

አልመጣበትም። ደብዳቤው አራት ዓይነት ብር አቀላቅሎ ይዟል። ሰው ትልቁን ያነሳል። የዚያው ነጋዴ ደብዳቤ ላይ 800,000 የሚለው ኦዲተሩ ያልተቀበለው ወጪ ነው። በድርጅት 30 በመቶ ሲሰላ ፍሬ ግብሩ 240,000 ይሆናል። ከሱ ቀጥሎ መቀጫ 88,800 እና ወለድ 41,200 አለ። ጠቅላላው 370,000 ነው። ወረቀት ላይ ለየብቻ አውጡት፣ ፍሬ ግብር፣ መቀጫ፣ ወለድ ብላችሁ። ፍሬ ግብሩ ከወረደ በሱ ላይ የተሰላው መቀጫና ወለድም አብሮ ይወርዳል። የምትሟገቱት በፍሬው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ነገር አለ። ነጋዴው ደረሰኞቹን ሲያገላብጥ የ300,000 ብሩ ወጪ ማስረጃ እንደሌለው አመነ። የቀረው 500,000 ግን የትራንስፖርት ሰነድ አለው። ስለዚህ የማይከራከርበት ግብር 90,000 ነው፣ የሚከራከርበት 150,000። አዋጁ ያልተከራከራችሁበትን ግብር ካልከፈላችሁ ቅሬታችሁን በአግባቡ እንደቀረበ አይቆጥረውም። 90,000ውን ከፈለ፣ ደረሰኙን ከማመልከቻው ጋር አያያዝን፣ ኅዳር 24 አስገባን። "ውሳኔው አላግባብ ነው" ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቅሬታም ዋጋ የለውም። የትኛው ቁጥር፣ ወደ ስንት ይስተካከል፣ ለምን፣ ሦስቱም መጻፍ አለባቸው።

ቅሬታው ውድቅ ሆኖ ወደ ታክስ ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን ከተሄደ ደግሞ ጊዜው 30 ቀን ነው። ከሚከራከሩበት ግብር ግማሹ ይከፈላል። በዚህ ጉዳይ 75,000 ማለት ነው። መቀጫና ወለዱ እዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም። የ370,000ን ግማሽ ሊያስከፍላችሁ የሚፈልግ አማካሪ ካገኛችሁ ተነሱና ሂዱ።

ምልክት፦ "2015" ብቻ ተጽፏል፣ የትኛው ጊዜ ነው?

የንግድ ትርፍ ግብር ከሆነ ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ማለት ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ ከሆነ የየወሩን ዝርዝር ከአባሪው ፈልጉ። አባሪ ከሌለ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀኑ ግን እስኪመጣ አይጠብቃችሁም።

ምልክት፦ ሁለት ቀን ቀርቷል፣ ሰነዱ አልተሟላም

21 ቀኑ ከማለቁ በፊት ምክንያቱን ጽፋችሁ የማራዘሚያ ጥያቄ አስገቡ። ሕመም ወይም ከአገር ውጭ መሆን ዓይነት ምክንያት ካለ እስከ 10 ቀን ሊፈቀድ ይችላል። ካለቀ በኋላ የመጣ ጥያቄ ግን ማልቀስ ነው።

ምልክት፦ "አስገብቼ ነበር" ግን የለም

ድሬዳዋ ውስጥ የፌዴራሉ ቅርንጫፍም፣ የከተማ አስተዳደሩ ገቢ መሥሪያ ቤትም አሉ። ደብዳቤው አናት ላይ ያለውን አርማ አይታችሁ ለላከው አስገቡ። ሐረር ከሆናችሁ የክልሉ የራሱ አዋጅ ስላለ፣ ደብዳቤው ግርጌ ላይ የተጠቀሰውን አንቀጽ ሳታነቡ 21 ብላችሁ አትቁጠሩ።

ቅሬታ ደግሞ ለኦዲተሩ በእጅ አይሰጥም። አንድ ደንበኛዬ ቢሮው ድረስ ሄዶ፣ ቡና ጋብዞ ሰጠው። ኦዲተሩ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፣ ወረቀቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መዝገብ ቤት ግቡ። የእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ይምታላችሁ። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን የሚነበብ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። የነጋዴው ማኅተም ቀለሙ ደብዝዞ ነበር፣ ድጋሚ አስመታሁት። ጸሐፊዋ ገላመጠችኝ፣ ግን መታችልኝ።