የጭን አጥንት አንገት ስብራት፦ ገጥሞ ካበቃ በኋላ የሚመለሰው የብሽሽት ሕመም

ደብረ ማርቆስ አካባቢ የአጥንት ሕክምና ስሠራ ደጋግሜ የማየው አንድ ችግር አለ። ሰውየው የጭን አጥንቱ አንገት ተሰብሮ ነበር። በብሎን ታሰረለት። በምርኩዝ ቆየ፣ ምርኩዙን ጣለ፣ ወደ እርሻው ተመለሰ። ከዓመት በኋላ ብሽሽቱን ይዞ እያነከሰ ይመጣል። ይህን የምጽፈው በየወረዳው እንዲህ ያለውን ሰው መጀመሪያ ለምታገኙት ለእናንተ ነው። አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ እግር ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቁ እሱን አልደግመውም።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሕመሙ ጠፍቶ ነበር ወይስ ጭራሽ አልጠፋም? ይህን ሳትጠይቁ ማስታገሻ አትጻፉ።

ጭራሽ አልጠፋም ካለና እግሩ ከወር ወር እያጠረ ከሄደ፣ አጥንቱ አልገጠመም ማለት ነው ብላችሁ ተነሱ። ራጁ ላይ የስብራቱ መስመር እንዳለ ይታያል፤ ብሎኖቹም ወደ ውጭ እየተንሸራተቱ ይመጣሉ። መፍትሔው ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ነው።

ሕመሙ ብሽሽት ላይ ሳይሆን የጭኑ ውጫዊ ጎን ላይ ከሆነና በዚያ በኩል ሲተኛ ከባሰበት፣ ብዙ ጊዜ የብሎኑ ጭንቅላት ሥጋውን እየነካው ነው። ትኩሳት ወይም ከጠባሳው የሚወጣ ፈሳሽ ካለ ኢንፌክሽን ነውና ዛሬውኑ ላኩት።

ጠፍቶ፣ ወራት ሰላም ሰጥቶ፣ ከዚያ ብሽሽት ላይ ከተመለሰ ግን የጭን አጥንቱ ራስ ሞቶ እየተደረመሰ እንደሆነ ጠርጥሩ። ቀሪው ጽሑፍ ስለዚህ ነው።

ምልክት፦ «ገጥሟል አላላችሁኝም?»

አንድ የ36 ዓመት ገበሬ ከጎዛምን መጣ። ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ወድቆ ነበር። ቤተሰቡ መጀመሪያ ወጌሻ ቤት ወሰደው። ስምንት ቀን በቅቤ ታሸ፣ ተጎተተ፣ ታሰረ። በዘጠነኛው ቀን በቃሬዛ እኛ ዘንድ ደረሰ። ራጁ ላይ ራሱና አንገቱ ሙሉ በሙሉ ተለያይተው ነበር። ገና ወጣት ስለሆነ የራሱን አጥንት እናድንለት ብለን ቦታው መለስነው፤ በሦስት ብሎን አሰርነው። በአምስተኛው ወር የስብራቱ መስመር ጠፋ። ደስ ብሎት ሄደ፤ እኛም ደስ አለን።

በ14ኛው ወር ተመለሰ። «ዶክተር፣ ተቀምጬ ስነሳ እዚህ ጋ ይወጋኛል፤ ጫማዬን ማድረግም አቃተኝ» አለኝ። በጀርባው አስተኝቼ ጉልበቱን አጥፌ እግሩን ወደ ውስጥ ሳዞረው ፊቱ ተለወጠ። ይቺ ወደ ውስጥ ማዞር ከራጁ በፊት ትናገራለች።

ራጁ ላይ ሦስት ነገር ታየ። ራሱ ከዙሪያው አጥንት ይልቅ ነጭ ሆኗል። ክብደት የሚሸከመው የላይኛው ክፍል ከልም አጥንቱ ስር እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ ጥቁር መስመር አለው። ክቡ ራስም እዚያው ላይ ጠፍጠፍ ማለት ጀምሯል፤ የአንዱ ብሎን ጫፍ ወደ መገጣጠሚያው ቀርቧል። «አጥንቱ ገጥሟል አላላችሁኝም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። አጥንቱ ገጥሟል። ራሱ ግን ሞቷል። ሁለቱ አብረው የሚሆኑት ለምን እንደሆነ ለማወቅ የደሙን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

ምክንያት፦ ውሃው ከአንድ ቦይ ነው

የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዋናው ቦይ ከተናደ መጨረሻ ላይ ያለው ማሳ ሌላ ውሃ የለውም። የጭን አጥንት ራስ የመጨረሻው ማሳ ነው።

ደሙ የሚነሳው በአብዛኛው ከጭኑ ጥልቅ ደም ቅዳ ነው። ከእሱ የምትወጣ አንዲት ቅርንጫፍ ወደ ኋላ ዞራ የአንገቱ ግርጌ ላይ ትደርሳለች። እዚያ ከፊት ከምትመጣው ሌላ ቅርንጫፍ ጋር ሆነው አንገቱን እንደ ቀለበት ይከቡታል። ከቀለበቱ የሚነሱ ቀጫጭን ደም ቅዳዎች የመገጣጠሚያውን ከረጢት በስተው ይገባሉ፤ ከዚያ በአንገቱ ላይ ተጣብቀው ወደ ራሱ ይወጣሉ። ከእነዚህ ዋናዎቹ ከላይና ከኋላ በኩል የሚሄዱት ናቸው። የራሱን አብዛኛውን ክፍል፣ በተለይም ክብደት የሚሸከመውን፣ የሚያጠጡት እነሱ ናቸው።

ሌላ ሁለት ምንጭ አለ። አንዱ በአንገቱ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ደም ነው፤ እሱ ስብራቱ በተፈጠረ ቅጽበት ይቆረጣል። ሁለተኛው ራሱን ከዳሌ ጎድጓዳ ጋር በሚያገናኘው ጅማት ውስጥ የምታልፍ ትንሽ ደም ቅዳ ናት። እሷ በአዋቂ ሰው የምታጠጣው ጅማቱ የሚገባበትን ትንሽ ቦታ ነው። በእሷ አትተማመኑ።

ስለዚህ አንገቱ ከተሰበረ በኋላ ራሱ ሕይወቱ የተንጠለጠለው አንገቱ ላይ በተጣበቁት ቀጭን ቧንቧዎች ነው። ስብራቱ ካልተፈናቀለ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ሲፈናቀል ግን እግሩ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ጡንቻው ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ የኋላና የላይ ቧንቧዎች ይለጠጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ ወይም ይበጠሳሉ። ከአጥንቱ ጋር ስለተጣበቁ የመሸሻ ቦታ የላቸውም። ባልተፈናቀለው ራሱ የሚሞትበት ሰው ከአሥር አንድ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በተፈናቀለው ግን ከአራት አንድ አካባቢ ይደርሳል፤ ቁጥሩ እንደየጥናቱ ከፍም ዝቅም ይላል።

ለምን ታዲያ ከዓመት በኋላ? የአጥንቱ ሕዋሶች ደም ካጡ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። አጥንቱ ግን ቆሞ እንደደረቀ ዛፍ ለጊዜው ጠንካራ ነው። ስብራቱንም የሚያያይዘው በሕይወት ያለው የአንገቱ ወገን ስለሆነ የሞተ ራስ ሊገጥም ይችላል። ከዚያ አዲስ ደም ስሮች ከአንገቱ በኩል ቀስ ብለው ይገባሉ። የሞተውን አጥንት እየበሉ አዲስ ይተካሉ። መብላቱ ከመተካቱ ሲቀድም አጥንቱ ይደክማል፤ ሰውየውም የሚራመድበት ጊዜ ያ ነው። ተደርምሶ ሕመሙ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ራጁ ላይ ነጭ የሚመስለውም ዙሪያው ያለው ሕያው አጥንት ሳይሠራበት ከርሞ ሲሳሳ የሞተው ሳይሳሳ ስለሚቀር ነው።

መፍትሔ፦ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል

የጎዛምኑ ሰውዬ ቧንቧዎች የተበጠሱት ዛፉ ስር ይሁን በስምንቱ ቀን መታሸት፣ መለየት አልችልም። ግን ይህን አውቃለሁ፦ በመውደቁ የተረፈ ቀጭን ቧንቧ በመጎተት አይተርፍም። ወጌሻ የእጅ አጥንት ሲጠግን አይቻለሁ። የጭን አንገትን ግን ማንም በእጁ ዳብሶ አይመልሰውም። የተሰበረ ዳሌ አይታሽም፣ አይጎተትም። ለቤተሰቡ ይህን በግልጽ ንገሩ።

ሲላክ ጉልበቱ ስር ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ አድርጉለት፤ ዳሌው ትንሽ ይታጠፍ። ከረጢቱ ውስጥ ደም ይጠራቀማል። እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ሲዞር የውስጡ ግፊት ይጨምርና የተረፉትን ቧንቧዎች ይጫናል። ስለዚህ እግሩን ወደ ውስጥ አዙራችሁ አትሰሩት፤ ከባድ የአሸዋ ከረጢትም አታንጠልጥሉበት።

ራጁ ሁለት አቅጣጫ ይሁን። ከፊት ብቻ የተነሳች ራጅ ይዞ የሚመጣ ሰው ያናድደኛል፤ ጥፋቱ የታማሚው ሳይሆን የላከው ነው። ወደ ኋላ የተዘነበለ ራስ ከፊት ሲታይ ደህና ይመስላል። የጎን ራጁንም ጤነኛውን እግር አንስታችሁ በአልጋው በኩል አንሱት። የተጠረጠረውን እግር አጥፋችሁ ወደ ጎን አትክፈቱት።

አንዲት ከማቻከል የመጡ እናት አሉ፤ ጭቃ አንሸራተታቸው። ዱላ ይዘው በእግራቸው አካባቢያቸው ወዳለ ሕክምና ሄዱ። የራሱና የአንገቱ ስብራት እርስ በርስ ተነካክሶ ስለተቀመጠ መራመድ ቻሉ። እዚያ በአንዲት ራጅ «ደህና ነዎት» ብለው መርፌ ወግተው ወደ ቤት ሰደዷቸው። በስድስተኛው ቀን እንስራ ሊያነሱ ሲሉ ቀጭ አለ። መጀመሪያ ባለበት በብሎን ቢታሰር ኖሮ የራሳቸው አጥንት የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነበር። ተፈናቅሎ ሲመጣ ግን እድሜያቸው 70 አልፎ ስለነበር ራሱን አውጥተን በብረት ተካነው። በዚያ ዕድሜ የተፈናቀለ አንገት ላይ ብሎን ማሰር ብዙ ጊዜ ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ መስጠት ነው። ወድቆ ብሽሽቱን የሚያመው ሽማግሌ ቢራመድም፣ ራጁ ደህና ቢመስልም፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ወደሚገኝበት ላኩት። እስከዚያ በእግሩ አይርገጥ።

በወጣቱ ግን ራሱን ማዳን ይቀድማል። ቶሎ፣ በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ቀን ቦታው ይመለስ። ከሰዓቱ እኩል የሚወስነው በትክክል መመለሱ ነው። ራሱ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ከታሰረ የተጠማዘዘው ቧንቧ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፤ ብሎኑም ሸክሙን አይችለውም። ዝግ ሆኖ ካልተመለሰ ይከፈት። የብሎኑ ጥርስ በሙሉ ስብራቱን አልፎ ራሱ ውስጥ ይግባ። ጥርሱ መስመሩ ላይ ከቀረ ሁለቱን አጥንት አራርቆ ይይዛቸዋል። ልኩ የለም ተብሎ ያለው ብሎን ሲገባ አይቻለሁ፤ ያን ብሎን ማውጣት ከማስገባቱ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ራጅ ይነሳ፤ ሳያመውም ቢሆን። ራሱ ሳይደረመስ ከተደረሰበት የክብደት ጫና እየቀነሱ መጠበቅ አለ፤ አንዳንዱ ላይ አጥንቱን በስቶ ግፊቱን ማስተንፈስም ይሞከራል። ከተደረመሰ ግን ክቡን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ወጣትም ቢሆን ሕመሙን ካልቻለው ሙሉ መገጣጠሚያው ይቀየራል።

የጎዛምኑ ሰውዬ ለሙሉ መገጣጠሚያ ቅየራ አዲስ አበባ ተልኳል፤ ተራውን እየጠበቀ ነው። ባለፈው ሲመጣ ዱላውን በታመመው እግር በኩል ይዞ ነበር። በተቃራኒው እጅ እንዲይዘው አሳየሁት፤ እንዲያ ሲያዝ ዱላው ዳሌው ላይ የሚያርፈውን ሸክም ይቀንሳል። ኮሪደሩን ሄዶ ተመለሰና «አሁን ቀለለኝ» አለ።