አድማጭ ክፍተቱን መቼ እንደሚሞላ በዓይን እንዴት ይለካል?

«ዋት ዲድ ጆዲ ስኳሽ ዘ ስፓይደር ዊዝ?» ጆዲ ሸረሪቷን በምን ጨፈለቀቻት ማለት ነው። «ዋት» ከፊት ወጥቷል፤ ቦታው ግን ከ«ዊዝ» በኋላ ነው። ክፍተት የምንለው ይህን ባዶ የቀረ ቦታ ነው። አድማጩ እስከዚያ ይጠብቃል ወይስ መጀመሪያ ባገኘው ቦታ ላይ ይከተዋል? ሰስማንና ሴዲቪ በ2003 ይህን በዓይን እንቅስቃሴ አጥንተዋል። አካሄዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ አጭር ታሪክ አሰሙ። ጆዲ ሸረሪት አየች፣ ጫማዋን አውልቃ ጨፈለቀቻት። የሸረሪቷና የጫማው ሥዕል ከሌሎች ጋር ስክሪን ላይ ይሁን። ከዚያ ለግማሾቹ ጥያቄውን፣ ለሌሎቹ ደግሞ «ዲድ ጆዲ ስኳሽ ዘ ስፓይደር ዊዝ ኸር ሹ?» የሚለውን አሰሙ። ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ነው። እሱ ከሌለ ዓይን ወደ ሸረሪቷ ቢሄድ «ስኳሽ» የሚለው ግሥ ብቻውን ጎትቶት ይሆናል።

አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የቆጠርኩት ከዓረፍተ ነገሩ መነሻ ነበር። አንዱ ቅጂ ግሡ ጋ ቶሎ ይደርሳል፣ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ የሁሉም አማካይ ተደባልቆ ጠፍጣፋ መስመር ወጣ። ውጤት የለም ብዬ ሳምንታት አጠፋሁ። እናንተ ድምፁን Praat በሚባለው የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም ላይ ክፈቱና የግሡን መነሻ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ በእጅ ምልክት አድርጉ። ዜሮ ሰዓታችሁ እሱ ይሁን። ዓይን ለመንቀሳቀስ ራሱ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈልግ ከዚያ በፊት የታየውን ለግሡ አትስጡት።

አሁን ተመልከቱ። «ዋት» ባለበት ጥያቄ «ስኳሽ» ሲሰማ ዓይን ወደ ሸረሪቷ ያዘነብላል፤ በማነጻጸሪያው ግን እንዲያ አይደለም። ጥያቄው ስለ ጫማው ነው እኮ! አድማጩ አልጠበቀም፤ «ዋት»ን ወዲያው የግሡ ተሳቢ አድርጎታል። «ዘ ስፓይደር» ሲመጣ ቦታው ተይዟልና ሐሳቡን መቀየር ግድ ይሆንበታል። ስቶው በ1986 በንባብ ያየችው የዚህ ዘመድ ነው። የተጠበቀው ክፍተት በሌላ ቃል ተሞልቶ ሲገኝ አንባቢ እዚያ ላይ ይዘገያል።

ሌላው መንገድ የምላሽ ፍጥነት ነው። ሰውየው እየሰማ ስክሪን ላይ ብልጭ ያለው ቃል እውነተኛ ቃል መሆን አለመሆኑን በቁልፍ ይመልሳል። ከፊት ከወጣው ቃል ጋር የሚዛመድ ቃል ክፍተቱ ጋ ቶሎ ይታወቃል። እኔ ግን ዓይኑን እመርጣለሁ። ቁልፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነጥብ ብቻ ይሰጣል፣ ዓይን ግን መንገዱን ሁሉ ያሳያል።

በአማርኛ መሞከር ከፈለጋችሁ ጥያቄውን ተርጉማችሁ አትነሱ። «ጆዲ ሸረሪቷን በምን ጨፈለቀቻት?» ውስጥ «በምን» ከግሡ አጠገብ ነው፤ የሚጠበቅ ነገር የለም። «ጆዲ የጨፈለቀቻት ሸረሪት» ይሻላል። እዚህ ክፍተቱ ይቀድማል፣ ክፍተቱን የሚሞላው ቃል በኋላ ይመጣል። ስለዚህ የምትለኩት ዓይን «ሸረሪት» ከመሰማቱ በፊት ወደ ሥዕሉ መሄዱን ነው። ማነጻጸሪያው «ጆዲ ጨፈለቀቻት» ይሁን፤ ልዩነቱ «የ» ብቻ ይሆናል።